ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ፋይበሩ ግማሽ ሲደርስ፦ ጥፋቱ የራውተሩ ፕሮሰሰር መሆኑን የምናውቅበት መንገድ

እዚህ ደብረ ብርሃን ኔትወርክ ስሰራ ቶሎ ቶሎ የሚገጥመኝ ቅሬታ ይሄ ነው፦ ፓኬጁን አሳደግን፣ ብሩን ከፈልን፣ ስልኩ ላይ የዋይፋዩ መስመር ሙሉ ነው፣ ስፒድ ቴስት ስናደርግ ግን ከከፈልነው ግማሹ እንኳን አይመጣም። ከዛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፣ ራውተሩን ቦታ ይቀይራል፣ አንቴናውን ያዞራል፣ ባስ ሲልም የሲግናል ማራዘሚያ ገዝቶ ይሰካል። ሲግናሉ መጀመሪያውኑ ሙሉ ከነበረ ግን ይሄ ሁሉ ምንም አይለውጥም፣ ምክንያቱም ስልኩ ላይ የምታዩት መስመር የሚለካው በስልኩና በራውተሩ መሃል ያለውን አየር ብቻ ነው። ራውተሩ ከፋይበሩ የመጣውን ዳታ ተቀብሎ ወደዛ አየር እስኪያወጣው ድረስ ውስጡ ምን ያህል እንደሚለፋ መስመሩ አይነግራችሁም።

ራውተሩ ውስጥ ምን እንደሚሰራ ካልገባን ምርመራውም አይገባንም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣውን አስፋልት አስቡትና መሃሉ ላይ አንድ ፈታሽ ብቻ ያለው ኬላ አለ እንበል። ፈታሹ እያንዳንዱን መኪና አስቁሞ ወረቀት ያያል፣ መዝገብ ላይ ይፈልገዋል፣ ታርጋውን ቀይሮ ያሳልፈዋል። የራውተሩ ፕሮሰሰር ስራ በትክክል ይሄ ነው። ከኢንተርኔት የሚመጣው ዳታ ፓኬት በሚባል ትንንሽ ቁራጭ ነው የሚመጣው፣ ቤታችሁ ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ ውጪ ላይ የሚታወቁት በአንድ አድራሻ ስለሆነ ራውተሩ እያንዳንዱን ፓኬት ይዞ ይሄ የማን ነው ብሎ መዝገቡ ውስጥ ፈልጎ አድራሻውን ቀይሮ ይጽፍበታል፣ ሴቲንጉ ላይ NAT የምትባለው ስራ ይቺ ናት። መስመራችሁ በዩዘርኔምና በፓስዎርድ የሚገባ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም PPPoE ከሆነ፣ ፓኬቱ ላይ የተጠቀለለ ተጨማሪ ሽፋን አለና እሱንም መጀመሪያ መፍታት አለበት።

አሁን ቁጥሩን እንየው። አንድ ሙሉ ፓኬት 1500 ባይት አካባቢ ነው፣ በቢት 12,000 ማለት ነው። 300 ሜጋቢት ለማሳለፍ በሰከንድ 25,000 ፓኬት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ለአንዱ ፓኬት ያለው ጊዜ 40 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። የእናንተ ፕሮሰሰር ለአንዱ 80 ማይክሮሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ በሰከንድ 12,500 ፓኬት ነው የሚያሳልፈው፣ እሱ ደግሞ 150 ሜጋ ነው። በቃ። ፋይበሩ 300 ይሁን 1000፣ ከዛ በላይ አያልፍም። የተረፈው ፓኬት በር ላይ ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ሲሞላ ይጣላል፣ ላኪው ኮምፒውተር ደግሞ ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዛ ነው ምንም ነገር ሳይቋረጥ ስፒዱ ብቻ አንድ ቁጥር ላይ ተቸክሎ የሚቀረው።

ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ደግሞ፣ ፈታሹ ሲኖትራክ ቢመጣ ባጃጅ ቢመጣ ድካሙ አንድ ነው። ፕሮሰሰሩም የሚደክመው በፓኬቱ ብዛት እንጂ በክብደቱ አይደለም። የድምፅ ጥሪና ጌም የሚልኩት ትንንሽ ፓኬት ነው፣ ፓኬቱ 200 ባይት ብቻ ቢሆን ያው 12,500 ፓኬት 20 ሜጋ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ማታ ማታ ስፒድ ቴስቱ ደህና ሆኖ ሰው ሁሉ ሲደውል ግን ድምፁ የሚቆራረጥበት ቤት ካለ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው። በአንድ ቤት የተሰራውን ይዤ ልሂድ፣ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ነው፣ 300 ሜጋ ፋይበር ገብቶለታል፣ ራውተሩ ግን ከድሮው ትንሽ ፓኬጅ ጊዜ ጀምሮ የነበረው ርካሹ ነው። ባለቤቷ «አንተ ልጅ፣ ሲግናሉ እኮ ሙሉ ነው፣ እንግዶቹ ግን ይጮሁብኛል» ነው ያሉኝ። ራውተሩ ሞቆ ነው ያሏቸው ሰዎችም ነበሩ፣ ሸዋሮቢት ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም እጠረጥር ነበር፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ግን ይሄ አይመስልም።

መጀመሪያ ኬብልና ፖርት

ይሄን ሳታጣሩ ወደ ፕሮሰሰር አትሂዱ፣ ምክንያቱም ብዙ ርካሽ ራውተር ላይ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ ፖርቱ ላይ ነው ያለው። የኔትወርክ ፖርቱ 100 ሜጋ ብቻ የሚችል ከሆነ ስፒድ ቴስቱ 94 ወይም 95 ላይ ይቆማል፣ ጠዋትም ማታም እዛው ነው። ይሄ ቁጥር ከመጣላችሁ ነገሩ አለቀ፣ ሴቲንግ አያድነውም። ላፕቶፓችሁን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ዊንዶውስ ላይ የኢተርኔቱን ፕሮፐርቲስ ስትከፍቱ Link speed የሚለው ጋ 1000/1000 ካለ ጊጋቢት ነው፣ 100/100 ካለ ግን ወዲያው ፖርቱን አትፍረዱበት፣ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ አንዱ እንኳን ከተበጠሰ ወይም ጫፉ በደንብ ካልተመታ ሁለቱ ጫፎች ተስማምተው ወደ 100 ይወርዳሉ፣ ኢንተርኔቱ ስለሚሰራ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ከፋይበሩ ሳጥን ወደ ራውተሩ የሚሄደውንም አጭር ኬብል አትርሱት። ሳጥኑ ራሱ ላይም አንዳንዱ አራት ፖርት ኖሮት ጊጋቢት የሆነው አንደኛው ብቻ ነው፣ የተሰካው ሌላኛው ላይ ከሆነ ወደ LAN1 አዙሩት።

ማረፊያው ጋ ሁለቱም ኬብል ጊጋቢት ነበር፣ ስለዚህ ቀጠልን።

ከዛ ራውተሩን ከመሃል ማውጣት

ላፕቶፑን በቀጥታ ከፋይበሩ ሳጥን ጋር በኬብል አገናኙትና ለኩ። የፋይበሩ ሳጥን ራሱ ዩዘርኔሙን ይዞ የሚገባ ከሆነ ዝም ብሎ መሰካት ይበቃል። ዩዘርኔሙ ያለው ራውተራችሁ ውስጥ ከሆነ ግን ራውተሩን አጥፉትና ዊንዶውስ ላይ Dial-up ውስጥ ገብታችሁ Broadband (PPPoE) የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ አስገቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዩዘርኔም ሁለት ቦታ በአንዴ መግባት ስለማይቻል ነው ራውተሩ መጥፋት ያለበት። ብሮውዘራችሁ ላይ ሌላ ነገር አትክፈቱ፣ ላፕቶፑም በጣም ያረጀ ከሆነ ራሱ ማነቆ እንዳይሆንባችሁ። ሦስት አራቴ ለክታችሁ መሃለኛውን ያዙ።

ከዛ ራውተሩን መልሳችሁ አብሩና ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ በዛው ሰርቨር ለኩ። ከዛ በኋላ ነው በዋይፋይ፣ ራውተሩ አጠገብ ቆሞ፣ በ5 ጊጋኸርዙ።

ማረፊያው ላይ የወጣው እንዲህ ነው፦ በቀጥታ 288፣ በራውተሩ በኬብል 148፣ በዋይፋይ 141። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ፋይበሩ የተከፈለበትን ያህል እየሰጠ ነው። ከ148 ወደ 141 ያለችው ልዩነት ናት የዋይፋዩ ድርሻ። ግማሹ የጠፋው በኬብል ተሰክተን እያለም ስለሆነ፣ የጠፋው ራውተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ የዋይፋዩ ሊንክ ስፒድ 866 ነበር የሚለው፣ እንግዲህ አየሩ ላይ ምን ችግር ይፈለጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ሰው ሁለት ላፕቶፕ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቶ ፋይል ይላላክና እሳት የመሰለ ስፒድ ሲያይ ራውተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ይደመድማል። እሱ ምንም አያሳይም፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ከፖርት ወደ ፖርት የሚሄደውን የሚያሳልፈው ስዊች የሚባለው የብቻው ሃርድዌር ነው፣ ፕሮሰሰሩ አያየውም፣ አድራሻም አይቀየርም።

ፕሮሰሰሩን እጅ ከፍንጅ መያዝ

እስካሁን ያወቅነው ጥፋቱ ራውተሩ ውስጥ መሆኑን ነው። ፕሮሰሰሩ መሆኑን የምታረጋግጥ ምንም ሶፍትዌር የማትፈልግ ዘዴ አለች። በኬብል እንደተሰካችሁ ipconfig ብላችሁ Default Gateway የሚለውን አድራሻ ያዙና ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ይሄን ጻፉ፦

```
ping -t 192.168.1.1
```

አድራሻው የእናንተ ሌላ ከሆነ እሱን ተኩ። ሌላ መስኮት ላይ ስፒድ ቴስቱን አስነሱትና ፒንጉን እዩት። ይሄ ፒንግ ኢንተርኔት አይወጣም፣ መልስ የሚሰጠው ራሱ የራውተሩ ፕሮሰሰር ነው። ስራ ከሌለበት በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ ይመልሳል፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን እንዲህ ይሆናል፦

```
Reply from 192.168.1.1: bytes=32 time<1ms TTL=64
Reply from 192.168.1.1: bytes=32 time=74ms TTL=64
Request timed out.
Reply from 192.168.1.1: bytes=32 time=91ms TTL=64
```

ስፒድ ቴስቱ ሲጀምር የሚዘል፣ ሲያልቅ ወዲያው ወደ አንድ የሚመለስ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሞልቷል። ልብ በሉ፣ የራውተሩን አድራሻ ነው ፒንግ የምታደርጉት፣ 8.8.8.8 ብትሉ የውጪው መስመር መጨናነቅም ተደባልቆ ስለሚመጣ ምኑ ምን እንደሆነ አይለይም። በዋይፋይም አታድርጉት፣ አየሩ ራሱ ፒንግ ያስዘልላል።

ራውተራችሁ ላይ OpenWrt የሚባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ያለበት ከሆነ ደግሞ በSSH ገብታችሁ `top -d 1` ብላችሁ sirq የሚለውን ማየት ይቻላል፣ ፓኬት የማሳለፉ ስራ የሚቆጠረው እዛ ላይ ነው። ግን ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ፣ እንደ MT7621 ያለው ቺፕ ለሲስተሙ የሚታየው አራት ፕሮሰሰር ሆኖ ነው፣ top ደግሞ የአራቱን አማካይ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ስራው ሁሉ አንዱ ላይ ከወደቀ አንዱ እየሞተ ስክሪኑ 25% ብሎ ዘና ያለ ይመስላል። አንድ ፋይል ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይሄ ነው፣ የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች አንድ ኮር ላይ ይሰለፋሉ፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ።

መፍትሄው ብዙ ጊዜ የጠፋ ማብሪያ ነው

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ቸኩሎ አዲስ ራውተር የሚገዛው። ቆይ። ከርካሾቹም ብዙዎቹ ቺፓቸው ላይ ሃርድዌር NAT የሚባል ማለፊያ መንገድ አላቸው። የአንድ ግንኙነት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፓኬቶች በፕሮሰሰሩ ያልፋሉ፣ እሱ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ይወስናል፣ ከዛ ውሳኔውን ሃርድዌሩ ይማርና የቀሩትን ሚሊዮኖች ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር አድራሻቸውን ቀይሮ ያሳልፋል። በዚህ መንገድ በጣም ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ራውተር እንኳን ወደ ጊጋቢት የሚጠጋ ያሳልፋል።

ችግሩ ይሄ መንገድ የሚዘጋው በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው። ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ፓኬት ማየት አለብኝ የሚልበት ማንኛውም ፊቸር ከበራ ማለፊያው ይዘጋል። ለያንዳንዱ ሰው ስፒድ የሚገድበው QoS ወይም Bandwidth Control፣ ማን ስንት ተጠቀመ ብሎ የሚቆጥረው Traffic Statistics፣ ዌብሳይት የሚዘጋው Parental Control፣ እነዚህ ሁሉ ፓኬቱን ካላዩ መስራት አይችሉም። ቪፒኤን ራውተሩ ላይ ካስነሳችሁ ከዚህም ይብሳል፣ እያንዳንዱን ፓኬት ማመስጠር ስላለበት ርካሽ ፕሮሰሰር ላይ ስፒዱ ወደ ጥቂት አስር ሜጋ ሊወርድ ይችላል። እና የሚገርመው ነገር፣ ሰዉ QoSን የሚያበራው ኢንተርኔቱ እንዲፈጥን ብሎ ነው፣ ትንሽ ፓኬጅ ላይ እውነትም ይጠቅማል፣ 10 ሜጋን ለአስር ሰው ስታካፍል። ፓኬጁ ሲያድግ ግን ያው ሴቲንግ ማነቆ ይሆናል፣ ማንም ደግሞ ተመልሶ አያየውም።

ማረፊያው ጋ የተገኘውም ይሄው ነበር። ድሮ አንዱ እንግዳ ቪዲዮ እያወረደ ሌላውን እንዳያስቸግር ብለው Bandwidth Control አብርተው ነበር፣ እዛው ቀርቷል፣ Traffic Statisticsም በርቷል። አካሄዱ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ሁለቱን በየተራ አጥፉ፣ ከዛ NAT Boost ወይም Hardware NAT ወይም NAT Acceleration የሚል ፈልጉ፣ ስሙ እንደ ራውተሩ ይለያያል፣ አብዛኛውን ጊዜ Advanced ውስጥ NAT ወይም System ስር ተሸሽጎ ነው ያለው፣ እሱን አብሩ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ሪስታርት። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ለኩ፣ ሁሉንም በአንዴ ካጠፋችሁት የትኛው እንደነበረ አታውቁም፣ ምናልባት አንዱን ማቆየት ትፈልጉ ይሆናላ።

OpenWrt ላይ ከሆነ አራት መስመር ነው፦

```
uci set firewall.@defaults[0].flow_offloading='1'
uci set firewall.@defaults[0].flow_offloading_hw='1'
uci commit firewall
service firewall restart
```

ሁለተኛው መስመር የሚሰራው ቺፑ ሃርድዌሩ ካለው ብቻ ነው፣ MT7621 ላይ ይሰራል። ከሌለው የመጀመሪያው ብቻውን በሶፍትዌር ያሳጥርለታል፣ እንደ ሃርድዌሩ ባይሆንም ጥሩ ጭማሪ ይሰጣል። SQM የሚባለውን የOpenWrt QoS አብርታችሁ ከሆነ ግን ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ አንዱን መምረጥ ነው።

ማረፊያው ላይ Traffic Statistics ሲጠፋ ብቻውን ምንም ያህል አልተለወጠም፣ Bandwidth Control ጠፍቶ NAT Boost ሲበራ ግን በኬብል 281፣ በዋይፋይ 263 መጣ፣ ፒንጉም ስፒድ ቴስቱ እየሮጠ አንድ ሚሊሰከንድ ላይ ቁጭ አለ። ከስፒዱ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የፒንጉ ቁጥር ነው፣ ፓኬቱ ፕሮሰሰሩን ትቶ በማለፊያው እየሄደ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው።

ማብሪያው ከሌለስ

ያኔ ስራውን ከርካሹ ራውተር ላይ ማንሳት ነው። የፋይበሩ ሳጥን ራሱ ራውተር መሆን የሚችል ከሆነ፣ ብዙዎቹ ይችላሉ፣ ዩዘርኔሙንና NATን እሱ ይስራ፣ የእናንተ ራውተር ዋይፋይ ብቻ ያሰራጭ። Access Point የሚል ሞድ ካለው እሱን ምረጡ። ከሌለው በእጅ ይሰራል፦ አድራሻውን ከሳጥኑ ጋር እንዳይጋጭ 192.168.1.2 አድርጉት፣ ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን DHCP አጥፉ፣ ከዛ ከሳጥኑ የሚመጣውን ኬብል WAN ከሚለው ነቅላችሁ ከLANዎቹ አንዱ ላይ ሰኩት። ከዚህ በኋላ አድራሻ መቀየር የሚባል ስራ የለበትም፣ ዋይፋዩን ለማሰራጨት ፕሮሰሰሩን ቢጠቀምም ጭነቱ በጣም ይቀንሳል። ተጨማሪ ጥቅሙ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ NAT ሲደረግ የነበረ ከሆነ እሱም ይቀራል። ፖርቱ 100 ሜጋ ከሆነ ግን ይሄም ከ94 አያሳልፍም፣ ያ አይነቱን ለሌላ ክፍል ማቆየት ነው።

ወደ መግዛቱ ከሄዳችሁ ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር አትግዙ። AC1200 የሚለው የአየሩ ቁጥር ነው፣ የሁለቱን ባንድ ከፍተኛ ሊንክ፣ 300ና 867ን ደምሮ የተጻፈ፣ ስለ ፕሮሰሰሩም ስለ ፖርቱም ምንም አይልም፣ 1200 ተጽፎበት ፖርቱ 100 ሜጋ የሆነ ራውተር ሞልቷል። ሻጩን የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ WAN ፖርቱ ጊጋቢት ነው ወይ፣ ሃርድዌር NAT አለው ወይ፣ እሱስ በPPPoE ላይ ይሰራል ወይ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ላይ ማለፊያው የሚሰራው ዩዘርኔም ለሌለው መስመር ብቻ ነው። ሻጩ ካላወቀ ሞዴሉን ከነቨርዥን ቁጥሩ ከካርቶኑ ጀርባ አንብባችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፣ አንድ ስም ይዞ ቨርዥን ሁለትና ቨርዥን አራት ውስጣቸው ሌላ ቺፕ የሆነ ብዙ አለና ቨርዥኑን እንዳትዘሉት። QoSን የግድ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እንደ ማረፊያ ያለ ቦታ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ ያኔ ማለፊያውን ስለማትጠቀሙ የፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ባለሁለት ወይም ባለአራት ኮር ኤአርኤም ፕሮሰሰር ያለውን ፈልጉ፣ ሱቁ ውስጥ ከተስማሙላችሁም ከመክፈላችሁ በፊት QoSን አብርታችሁ ያቺን ፒንግ እዛው አስሩጧት።